ኮኦርዲኔት ግሪድ ላይ ነጥብ አስቀምጦ ስሎፕ ማውጣት፦ አንድ ወርክሺት ከነስህተቱ

ቤታችሁ ውስጥ የስምንተኛ ወይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ካለ ይሄን ወርክሺት ሳታውቁት አትቀሩም። ከላይ በቅንፍ የተጻፉ ጥንድ ጥንድ ቁጥሮች አሉ፣ ከስር ካሬ ካሬ የሆነ ግሪድ አለ፣ ግሪዱን መሃል ለመሃል ሁለት ወፈር ያሉ መስመሮች ያቋርጡታል፣ ከዛ ነጥቦቹን አስቀምጡና የመስመሩን ስሎፕ ፈልጉ ይላል። እኔ ቤት ለቤት እየሄድኩ ማትስ አስጠናለሁ፣ ይሄንን ነገር ከብዙ ልጅ ጋ ሠርቼዋለሁ፣ እና የማየው ነገር ሁሌ አንድ ነው፤ ልጆቹ ፎርሙላውን በቃላቸው ያውቁታል ግን ፎርሙላው የሰጣቸውን ቁጥር ይዘው ወደ ስዕሉ ተመልሰው አያዩም። ስለዚ እዚህ የምጽፈው አንድ ወርክሺት ከመጀመሪያ ጥያቄ እስከ መጨረሻ እየሠራን፣ መልስ ባገኘን ቁጥር ደግሞ ግሪዱ ላይ በጣታችን እየሄድን እያረጋገጥን ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ። እስክርቢቶ አይሁን፣ ነጥብ ስትሳሳቱ መጥፋት አለባት አለበለዚያ በኋላ የትኛዋ ነጥብ ትክክለኛዋ እንደሆነች ይጠፋችኋል።

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ግሪዱን እዩት። አግድም የተኛው ወፍራም መስመር ኤክስ አክሲስ ነው፣ ቆሞ ወደ ላይ የሚሄደው ዋይ አክሲስ ነው፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ኦሪጅን ይባላል፣ ቁጥሩም (0, 0) ነው። ዜሮ ነው፣ አንድ አይደለም። ይሄን የምለው ብዙ ልጅ ጣቱን ኦሪጅን ላይ አድርጎ "አንድ" ብሎ መቁጠር ስለሚጀምር ነው፣ እንደዛ ከጀመረ ነጥቦቹ በሙሉ አንድ አንድ ካሬ ወደ ኋላ ይቀራሉ፣ የሚገርመው ሁሉም እኩል ስለሚሳሳቱ ስዕሉ ሲታይ ምንም ችግር ያለበት አይመስልም። ከኦሪጅን ወደ ቀኝ ፖዘቲቭ ነው ወደ ግራ ኔጌቲቭ፣ ወደ ላይ ፖዘቲቭ ወደ ታች ኔጌቲቭ። አንድ ነገር ደግሞ፣ አክሲሶቹ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አንብቧቸው፣ አንድ ካሬ አንድ ነው ወይስ አምስት ነው ወይስ መቶ? ወደዚ እንመለስበታለን፣ ለአሁኑ ግን የኛ ግሪድ ላይ አንድ ካሬ አንድ ነው።

ጥያቄ አንድ እነዚህን ነጥቦች አስቀምጡ ይላል፦ A(2, 5)፣ B(5, 2)፣ C(−4, 3)፣ D(−3, −4)፣ E(0, 4)፣ F(−2, 0)።

ቅንፍ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ሁሌም የአግድም ጉዞ ነው፣ ሁለተኛው የሽቅብና የቁልቁል። እኔ ለልጆች የምላቸው ፎቅ ላይ ያለ ቤት ስትፈልጉ አስቡት ነው፣ መጀመሪያ መሬት ላይ ሄዳችሁ ትክክለኛው ደረጃ ጋ ትደርሳላችሁ ከዛ ነው የምትወጡት፣ መንገድ ላይ ሆኖ ፎቅ የሚወጣ የለም። ስለዚ ለ A ከኦሪጅን ተነስታችሁ በኤክስ አክሲስ ላይ 2 ወደ ቀኝ፣ እዛው ቆማችሁ 5 ወደ ላይ፣ እዛ ነጥብ። B ደግሞ 5 ወደ ቀኝ 2 ወደ ላይ። A እና B ሆን ተብለው ነው አብረው የተሰጡት፣ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የተለየው፣ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ልጅ ሁለቱንም ነጥብ በተገለባበጠ ስም ያስቀምጣቸዋል። ነጥቦቹ ቦታቸው ላይ ስላሉ ትክክል ይመስላል፣ ስለዚ ከእያንዳንዷ ነጥብ አጠገብ ፊደሏን ጻፉ፣ ፊደል ከሌለ ይሄን ስህተት ማንም አያገኘውም።

C ላይ 4 ወደ ግራ 3 ወደ ላይ፣ D ላይ 3 ወደ ግራ 4 ወደ ታች። E እና F ናቸው ልጆችን የሚያስቸግሩት፣ ዜሮ ስላለባቸው። E(0, 4) ማለት አግድም ምንም አትሂድ፣ ካለህበት 4 ውጣ ማለት ነው፣ ስለዚ ነጥቧ ዋይ አክሲሱ ላይ ቁጭ ትላለች። F(−2, 0) ደግሞ 2 ወደ ግራ ሂድና አትውጣ አትውረድ፣ ኤክስ አክሲሱ ላይ ትቀራለች። ዜሮውን ያየ ልጅ ብዙ ጊዜ ይዘለውና ኦሪጅን ላይ ሌላ ነጥብ ይጨምራል ወይ ደግሞ E ን (4, 0) ላይ ያስቀምጣታል፣ ያው አንድ በአንድ ከተሄደ ግን ቀላል ነው።

ነጥብ የምትቀመጠው መስመሮቹ በሚቋረጡበት ጥግ ላይ ነው እንጂ ካሬው ሆድ ውስጥ አይደለም። ልክ ነው ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ቼዝ ወይ ዳማ የለመደ ልጅ ካሬ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከዛ ስሎፕ ላይ ሲደርስ የቱን ጥግ እንደሚቆጥር ግራ ይገባዋል።

አሁን ወደ ስሎፕ። ስሎፕ ማለት መስመሩ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሲሄድ ምን ያህል ይወጣል ወይ ይወርዳል የሚለው ነው፣ ሌላ ምንም ሚስጥር የለውም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ቁልቁለት ነው፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ዳገት። ግን ከደጀን ለሚመጣው ሰው ያው መንገድ ተገላቢጦሽ ነው፣ የሱ ቁልቁለት ያንተ ዳገት ነው። ማትስ ላይ ይሄ ክርክር እንዳይመጣ ሁሌም ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምናነበው ተባለ። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄድ ዳገት ከሆነ ስሎፑ ፖዘቲቭ፣ ቁልቁለት ከሆነ ኔጌቲቭ። ምንም ሳታሰሉ፣ ካልኩሌተር ሳትነኩ፣ መስመሩን አይታችሁ "ዳገት ነው" ወይ "ቁልቁለት ነው" ብላችሁ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፉት። እኔ ጋ የሚያጠና ልጅ ይሄን ሳይጽፍ አያሰላም።

ጥያቄ ሁለት፦ P(−4, −3) እና Q(2, 1) ላይ የሚያልፈው መስመር ስሎፕ ስንት ነው?

ሁለቱን ነጥብ አስቀምጡ፣ በማስመሪያ አገናኟቸው፣ መስመሩን ከሁለቱም ነጥብ ትንሽ አሳልፉት። P ግራ ታች ናት Q ቀኝ ላይ፣ ስለዚ ዳገት ነው፣ ጻፉት። አሁን እርሳሳችሁን P ላይ አድርጉና በቀጥታ ወደ ቀኝ ቁጠሩ Q ስር እስክትደርሱ፦ ከ−4 እስከ 2፣ 6 ካሬ። ከዛ ወደ ላይ Q እስክትደርሱ፦ ከ−3 እስከ 1፣ 4 ካሬ። 6 ሄዶ 4 ወጣ፣ ስሎፕ ማለት የወጣው ለሄደው ሲካፈል ስለሆነ 4/6፣ ሲቃለል 2/3። ግሪዱ ላይ የሳላችሁት ነገር ደረጃ የሚመስል ሦስት ማዕዘን ሆኗል፣ አታጥፉት፣ ያ ሦስት ማዕዘን ነው መልሱ።

በፎርሙላ ደግሞ ይሄው ነገር እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

m = (y2 − y1) / (x2 − x1)

m ማለት ስሎፕ ነው፣ ላይኛው ከፍታው ስንት ተቀየረ ነው ታችኛው አግድሙ ስንት ተቀየረ ነው። P ን አንደኛ Q ን ሁለተኛ ካደረግን ላይኛው 1 − (−3) = 4 ይሆናል፣ ታችኛው 2 − (−4) = 6፣ ስለዚ 4/6 = 2/3።

ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ይሄንኑ ጥያቄ ሠርታ መልሱ 1 ነው አለችኝ። ደብተሯን ሳየው ላይኛውን 1 − 3 = −2፣ ታችኛውን 2 − 4 = −2 ብላ ጽፋለች፣ −2 ለ −2 ሲካፈል 1። የነጥቡን የራሱን ኔጌቲቭ ከፎርሙላው መቀነስ ጋ አንድ አድርጋ ቆጥራው ነው፣ ሁለት ምልክት ነበረ እሷ አንዱን ብቻ ነው የጻፈችው። ስህተት ነው ብዬ አልነገርኳትም፣ "እሺ 1 ከሆነ እስቲ ከ P ተነስተሽ ሂጂበት" አልኳት። ስሎፕ 1 ማለት አንድ ወደ ቀኝ አንድ ወደ ላይ ስለሆነ በጣቷ መሄድ ጀመረች፣ (−3, −2)፣ (−2, −1)፣ (−1, 0) እያለች፣ ኤክስ 2 ላይ ስትደርስ ከፍታዋ 3 ሆነ። Q ግን ያለችው 1 ላይ ነው። "ቲቸር አልፌያታለሁ" አለች፣ እራሷ አወቀችው። በ2/3 ደግሞ ሞከረችው፣ 3 ወደ ቀኝ 2 ወደ ላይ፣ ከ(−4, −3) ወደ (−1, −1)፣ ከዛ ደግሞ 3 ቀኝ 2 ላይ፣ (2, 1)፣ ልክ Q ላይ። መሃል ላይ ያረፈችባት (−1, −1) ደግሞ በማስመሪያ ያሰመረችው መስመር ላይ ነው ያለችው። ለዚ ነው መስመሩን በደንብ አስምሩ የምለው፣ መሃል ያለች ሦስተኛ ነጥብ መስመሩ ላይ ካላረፈች ወይ ስሎፑ ተሳስቷል ወይ ነጥቡ ሲቀመጥ ተሳስቷል፣ ከሁለት አንዱ ነው።

ስለዚ ኔጌቲቭ ቁጥር ፎርሙላ ውስጥ ስታስገቡ ሁሌ በቅንፍ አስገቡት፣ (−3) ብላችሁ፣ ቅንፉን ለመዝለል አትቸኩሉ። ሌላም አለ፣ ፎቶኮፒ በፎቶኮፒ እየተባዛ የመጣ ወርክሺት ላይ ትንሿ የኔጌቲቭ ሰረዝ ትጠፋለች፣ ጥያቄው ላይ 4 የሚመስለው ኦሪጅናሉ ላይ −4 ሊሆን ይችላል። የመልስ ወረቀቱ ካንተ መልስ ጋ ካልገጠመና ስዕልህ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ከሆነ መጀመሪያ የጓደኛህን ኮፒ እይ።

ጥያቄ ሦስት፦ R(−3, 5) እና S(1, −3)።

አስቀምጧቸው፣ አገናኟቸው። R ግራ ላይ፣ S ቀኝ ታች፣ ቁልቁለት ነው፣ መልሱ ኔጌቲቭ መሆን አለበት፣ ጻፉ። ከ R ወደ ቀኝ 4 ካሬ፣ ወደ ታች 8 ካሬ። ወደ ታች ስለሆነ −8፣ ስለዚ −8/4 = −2። በፎርሙላ፦ (−3 − 5) / (1 − (−3)) = −8/4 = −2። ማረጋገጫ፦ ከ R አንድ ቀኝ ሁለት ታች፣ (−2, 3)፣ ከዛ (−1, 1)፣ (0, −1)፣ (1, −3)፣ S ላይ ደረስን።

እዚህ ጥያቄ ላይ ልጆች 2 ብለው ይመጣሉ፣ ያለ ኔጌቲቩ። ምክንያቱ ከላይ S ሲቀነስ R አድርገው ከታች ደግሞ R ሲቀነስ S ያደርጉታል፣ −8 ለ −4 ይሆንና 2። የቱን ነጥብ አንደኛ ታደርጋለህ የሚለው ግድ የለም፣ ከፈለግክ ከ S ጀምር፣ ላይኛው 8 ታችኛው −4 ይሆናል መልሱ ያው −2 ነው። የማይሆነው መሃል ላይ መቀየር ነው። ከላይ የጀመርክበት ነጥብ ከታችም መጀመር አለበት። ጠርዝ ላይ "ቁልቁለት" ብሎ የጻፈ ልጅ ግን 2 ሲያይ ወዲያው ይቆማል፣ ለዚ ነው ያንን ቃል የማስጽፈው።

ሌላው ስህተት የወጣውን ከታች የሄደውን ከላይ መጻፍ ነው። ጥያቄ ሁለት ላይ 4/6 የነበረው 6/4 ይሆናል፣ 3/2። ይሄንንም ስዕሉ ይነግራችኋል፣ የሁለቱ አክሲስ ካሬዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ከመውጣቱ ይልቅ መሄዱ የሚበልጥ ዘና ያለ ዳገት ስሎፑ ከ1 ያንሳል፣ ቀጥ ያለ አቀበት ከሆነ ከ1 ይበልጣል። P እና Q ላይ ያለው መስመር ዘና ያለ ነው፣ 3/2 ሊሆን አይችልም።

ጥያቄ አራት ነጥብ አይሰጥም፣ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው ያለው። እዚህ ጋ ነጥቦቹን ራሳችሁ ናችሁ የምትመርጡት፣ ምርጫው ደግሞ ሁሉንም ነገር ይወስናል። መስመሩን ከግራ ጀምራችሁ በዓይናችሁ ተከተሉትና የግሪዱን ጥግ ልክ የሚነካበትን ቦታ ፈልጉ። የኛ መስመር (−6, 4) ላይ ጥግ ይነካል፣ (0, 1) ላይ ይነካል፣ (4, −1) ላይም ይነካል። ኤክስ −1 ላይ ወይ 1 ላይ ግን በሁለት ጥግ መሃል ነው የሚያልፈው። ለኦሪጅን ቅርብ ስለሆኑ እነዛን የመረጠ ልጅ ከፍታውን በግምት 1.4 እና 0.6 አለው፣ ስሎፑም −0.8/2 ማለትም −0.4 ወጣለት። ጥግ ላይ ያሉትን (−6, 4) እና (4, −1) ን ብትወስዱ ግን 10 ሄዶ 5 ወረደ፣ −5/10 = −1/2። ግምት የለበትም። ነጥቦቹ ራቅ ራቅ ቢሉ ጥሩ ነው፣ ሁለቱ ከተቀራረቡ ትንሽ የዓይን ስህተት መልሱን ብዙ ታንሸራትተዋለች።

ከዛው ጥያቄ ስር ሁለት መስመሮች አሉ አንዱ የተኛ አንዱ የቆመ። የተኛው (−5, 2) እና (4, 2) ላይ ያልፋል፣ 9 ሄዶ ምንም አልወጣም፣ 0/9 = 0። ስሎፑ ዜሮ ነው፣ ሜዳ ነው። የቆመው (3, −2) እና (3, 4) ላይ ያልፋል፣ 6 ወጣ ግን ምንም አልሄደም፣ 6/0። በዜሮ ማካፈል አይቻልም ስለዚ ይሄ መስመር ስሎፕ የሚባል ቁጥር የለውም፣ አንዲፋይንድ ብላችሁ ጻፉ። ልጆች ሁለቱንም "ዜሮ" ወይ ሁለቱንም "የለውም" ይላሉ። ዜሮ ቁጥር ነው፣ ሜዳ ላይ መሄድ ትችላለህ ከፍታህ አይቀየርም ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ መሄድ ራሱ አትችልም ስለዚ "በአንድ እርምጃ ስንት ወጣህ" የሚለው ጥያቄ ራሱ አይጠየቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ ነው በጣም የምወደው፣ ብዙ ልጅ የሚወድቀውም እሱ ላይ ነው። ሮቶ ውስጥ ያለ ውሃ ነው። ኤክስ አክሲሱ ሰዓት ነው፣ አንድ ካሬ አንድ ሰዓት። ዋይ አክሲሱ ሊትር ነው፣ አንድ ካሬ 100 ሊትር። ውሃ ሄዷል፣ ቧንቧው ተከፍቶ ሮቶው እየጎደለ ነው፣ መስመሩ (2, 700) እና (6, 500) ላይ ያልፋል። ስሎፑ ስንት ነው ምን ማለትስ ነው?

ካሬ ለምዶ የመጣ ልጅ ይቆጥራል፣ 4 ወደ ቀኝ 2 ወደ ታች፣ −2/4፣ −1/2። ቁልቁለት መሆኑ ልክ ነው፣ ግን በሰዓት ግማሽ ሊትር ማለቱ ነው፣ ከተከፈተ ቧንቧ በሰዓት ግማሽ ሊትር ብቻ አይወርድም። ካሬ አይደለም የሚቆጠረው፣ አክሲሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ከ700 ወደ 500 የወረደው 200 ሊትር ነው፣ ከ2 ወደ 6 የሄደው 4 ሰዓት፣ −200/4 = −50። በየሰዓቱ 50 ሊትር ይቀንሳል ማለት ነው። ስሎፑን ስትጽፉ ሊትር በሰዓት ብላችሁ አብራችሁ ጻፉ፣ ቁጥሩ ብቻውን ከሆነ ስህተቱ አይታያችሁም፣ ሊትር በሰዓት ሲባል ግን ማንም የቤቱን ሮቶ የሚያውቅ ሰው ልክ ይሁን አይሁን ይገባዋል።

እንደ በፊቱ በስሎፑ እንሂድበት። ከ(2, 700) ወደ ኋላ 2 ሰዓት ብንመለስ በየሰዓቱ 50 ስለሚጨምር 800 ላይ እንደርሳለን፣ መስመሩ ዋይ አክሲሱን የሚነካው (0, 800) ላይ ነው ማለት ነው፣ ማስመሪያችሁን አድርጋችሁ እዩት ልክ 800 ላይ ነው፣ ሮቶው ሲጀመር 800 ሊትር ነበረው። ወደ ፊት ደግሞ 800 ሊትር በ50 ሲካፈል 16 ሰዓት፣ መስመሩ ኤክስ አክሲሱን የሚነካው (16, 0) ላይ ነው፣ ቧንቧውን ማንም ካልዘጋው። ወርክሺቱ ላይ ያለው ግሪድ 10 ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው፣ (16, 0) ን ለማየት ካሬ ካሬ ደብተር ላይ ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉት።